ከፕሮፋይሌ የጎደለው

መሐል ሜዳ ከተማ ወደ ሲሀም ኮምፒውተር ቤት ከአባቴ ጋር የገባሁት አልለይ ብለውኝ ነው። ጋቢያቸው በግ በግ ይሸታል። ሲሀም «አባትሽ ናቸው?» ስትለኝ «ጎረቤታችን ናቸው» አልኩ። ሰምተዋል። በሩ አጠገብ ተቀመጡ።

ሲሀም የፈለግሁትን የሥራ ማስታወቂያ አትማ፣ ተደጋግመው የመጡትን ቃላት አሰመረችባቸው፦ «የበግ እርባታ»፣ «የክብደት ምዝገባ»፣ «ከአርሶ አደሮች ጋር መሥራት»። ከዚያ ኢንተርኔት ላይ ባለው የሥራ ፕሮፋይሌ ውስጥ አንድ በአንድ ፈለገቻቸው። አንዱም የለም።

«ስለ ራስሽ ‹ታታሪ ነኝ› ብለሻል፤ ይህንንማ ማንም ይላል። የሥራ ልምድ የሚለው ደግሞ ባዶ ነው። እነዚህን ሠርተሽ ታውቂያለሽ? ካልሠራሽ አልጽፍልሽም።»

«አላውቅም» አልኩ። የገበሬ ልጅ መባልን ፈርቼ፣ እኔ ደንቆሮ!

«ኧረ ሠርታለች!» አሉ አባቴ ከበሩ። «የበግ አርቢዎች ማኅበራችንን ግልገሎች ስድስት ዓመት የመዘነችው፣ መዝገቡንም የያዘችው እሷ ናት።»

ሲሀም ባዶው ቦታ ላይ መጻፍ ጀመረች። «እርስዎ ይህን በምን አወቁ?» አለቻቸው።

አባቴ ወደ እኔ አላዩም።

«ጎረቤቷ አይደለሁ?» አሉ።