ለአባቷ የተገዛው ስቲክ

ልጅቷ የፋርማሲ ገንዘብ ተቀባይ ናት። አባቷ ደግሞ ጉልበቱ እምቢ እስኪለው ድረስ የአውቶቡስ ሹፌር ነበር፤ አሁን ቀኑን ሙሉ ቤት ብቻውን ይውላል። በቤታቸው ቴሌቪዥን ገብቶ አያውቅም። ሬዲዮኑ አርጅቶ ዝም ሲል አባቷ የለመናት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሷ ሥራ ስትውል የቀን ዜና የሚያይበት። ልብ በሉ፣ ሌላ ምንም አልጠየቀም።

ቴሌቪዥኑን መምረጥ ቀላል ነበር። ጣጣው የመጣው ከእሱ ጋር ምን ይገዛ ሲባል ነው። የሱቁ ሻጭ ወሬ የማይሰለቻት ሴት ናትና አንድ በአንድ አስረዳቻት። ሪሲቨር ከተገዛ ዲሽ መተከል አለበት፤ ዲሹንም በሳተላይቱ አቅጣጫ ፎቅ ወይም ዛፍ ሊጋርደው አይገባም። ይሄ ወዲያው ቀረ፤ አከራያቸው አዲሱን ጣሪያዋን የሚበሳ ሰው ብታይ ቤቱን ታስለቅቃቸዋለች። «ሴት-ቶፕ ቦክስ» የሚባለው ትንሽ ሳጥን ግን ከከተማው ማሰራጫ ማማ የሚመጣውን ሞገድ መስኮት ላይ በምትቀመጥ ትንሽ አንቴና ይይዛል፤ የአገሩ ጣቢያዎች ከነዜናቸው ያለ ኢንተርኔት ይገባሉ። ስቲክ የምትባለው ደግሞ ጣት የምታህል ሆና ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ትሰካለች፤ ያሻሽን ድራማ ባሻሽ ሰዓት ታያለሽ፤ ዋይፋይ ከሌለ ግን ጌጥ ናት አለቻት።

«ለመሆኑ ቤት ዋይፋይ አለ?»

«አለ» አለች ልጅቷ፣ ዓይኗን በጨው አጥባ።

የነበረው የእሷ ስልክ ብቻ ነው። የሥራ ጓደኞቿ በየጠዋቱ የሚያወሩለት ድራማ ነበር፤ እሷ ከወሬው ውጪ መሆን ሰልችቷታል። ቦክሱ ለአባቷ እንደሚሆን እያወቀች ስቲኩን ገዛች። ቆይቼ ዋይፋይ አስገባለሁ ብላ ራሷን ደለለች።

ማታ ማታ ከግቢው በር ላይ የስልኳን ኢንተርኔት ለሌላ ዕቃ የሚያካፍለውን ሆትስፖት ትከፍታለች፤ ቤት ስትገባ ስቲኩ ራሱ ይገናኛል፤ ድራማዋ ይቀጥላል። ጠዋት ስልኩ ከእሷ ጋር ወደ ሥራ ይሄዳል። በመጀመሪያው ቀን ማታ ዜናውን አየህ ወይ ብላ ጠየቀችው። አየሁ አላት። ሊያይ እንደማይችል አሳምራ ታውቃለች። እንዳይከፋኝ ብሎ ነው አለች በሆዷ፣ ውሸቱም ተመቻት፤ ከዚያ ወዲያ አልጠየቀችውም። ድራማው ላይ ስትስቅ ግን ሳቋ እንደ ድሮው አይወጣላትም ነበር።

አንድ ቀን ፋርማሲው ለዕቃ ቆጠራ ተብሎ በጊዜ ተዘጋ። እንደ ልማዷ በር ላይ ሆትስፖቱን ከፍታ ገባች። አባቷ በርጩማውን ወደ ቴሌቪዥኑ አስጠግቶ፣ ሪሞቱን በሁለት እጁ ይዞ፣ ከኢንተርኔት ጋር አልተገናኘም የሚለው ጽሑፍ ላይ አፍጥጧል። ቁልፎቹን ተራ በተራ ይጫናል፤ ሲጫን ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። እሷ ጫማዋን ሳታወልቅ ጽሑፉ ጠፋና ምስሉ መጣ።

ዞሮ አያት፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«አየሽ? አንቺ ስትመጪ ይሠራል። ዕቃውስ ደህና ነው፤ እኔ ነኝ።»

«አንተ ምን ሆንክ አባዬ?»

«የምትነኪውን እያየሁ አጠናለሁ፤ ሲነጋ እሱኑ ብነካ እምቢ ይለኛል። ወንድሜም እንዲህ ነበር የጀመረው።»

አጎቷ የልጆቹን ስም ረስቶ ነው የሞተው፤ በመጨረሻው ጊዜ ያጎርሰው የነበረውም ይኸው አባቷ ነው። እንግዲህ እሷ ድራማዋን ስታይ አባቷ አጠገቧ ተቀምጦ ጭንቅላቴ ሊከዳኝ ነው እያለ ሲፈራ ኖሯል። ለማንም እንዳትነግሪ አላት፣ ቀስ ብሎ።

ዝም ማለት ትችል ነበር። ነገ ቦክሱን አምጥታ ይሄኛው ለአንተ ይቀላል ብትለው ያምናታል፤ ግን ከዚያ በኋላ ቁልፍ በጠፋበት ቁጥር፣ ስም በተሳሳተ ቁጥር የወንድሙን መጨረሻ ያያል። መሬቱ ላይ ተቀመጠችና ስልኳን አሳየችው። ሆትስፖቱን ዘጋችው፤ ምስሉ ቆመ፣ ጽሑፉ ተመለሰ። ከፈተችው፤ ጥቂት ቆይቶ መጣ።

«ጭንቅላትህ ምንም አልሆነም። ያለ እኔ ስልክ አይሠራም፤ ስገዛውም አውቅ ነበር። ለአንተ የሚሆነው ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ቦክስ ነበር፤ ይሄን የገዛሁት ለራሴ ነው።»

አባቷ ስልኩን ከእጇ ተቀብሎ ራሱ ዘጋው፤ ራሱ ከፈተው። ደግሞ ዘጋው። ምስሉ እየታዘዘለት ሲሄድና ሲመጣ ሲያይ ፊቱ እየተፈታ መጣ፤ ከዚያ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እሷ ስድቡን እየጠበቀች አንገቷን ደፍታለች፤ ቢቆጣት ምንኛ በተሻላት።

«ተመስገን» አለ፣ ዓይኑን በእጅጌው እየጠረገ። «ነገ ቦክሱን ታመጪልኛለሽ። አሁን ነይ፣ ድራማሽን ክፈቺ።»

ተነሥቶ በርጩማውን ለቀቀላት። እሷ ግን መቀመጥ አልቻለችም።