እንቅልፍ ያልደረሰለት ሯጭ

የክለቡ ሯጮች ሽቦ ይሉታል። ቀጭን ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ቢጎትቱት የማይበጠስ ስለሚመስላቸውም ነው። ሽቦ በአንድ ትልቅ ሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል ነርስ ነው። ማራቶን የጀመረው ዘግይቶ ነው፤ ባለፈው ዓመት ግን ራሱንም አሠልጣኙንም ያስገረመ ሰዓት አስመዘገበ። ለሚቀጥለው ትልቅ ውድድር ክለቡ ሦስት ሯጮች ሲመርጥ አንዱ እሱ እንደሚሆን የተጠራጠረ አልነበረም።

ከዚያ ሁለት ነገር ተከታትሎ መጣ። መጀመሪያ ሚስቱ ሴት ልጅ ወለደች። ልጅቷ ገና አንገቷን ሳታቀና ደግሞ ከክፍሉ ሁለት ነርሶች ሥራ ለቀቁና፣ ዋና ነርሷ ሽቦን ቋሚ የሌሊት ተረኛ አደረጉት። ለጊዜው ነው አሉት። ጊዜው እስከ መቼ እንደሆነ ግን እሳቸውም አያውቁም ነበር።

ሽቦ ነገሩን በቀላሉ አየው። ጠዋት ከሥራ ሲወጣ ልብሱን ሆስፒታሉ ውስጥ ይቀይርና በቀጥታ ወደ ሜዳ ይሄዳል። ቤት ከገባ እንደማይወጣ ያውቃላ። ሮጦ፣ ታጥቦ፣ ረፋድ ላይ ይተኛል፤ ከሰዓት ይነሳና ልጁን ይይዛል፤ ሲመሽ ወደ ሥራ። ለሚስቱ ሲያስረዳት ሁሉም ነገር ልክክ ብሎ ነበር። እሷ ልጇን ደረቷ ላይ አስደግፋ ስታዳምጠው ቆየችና፣ እሷ የምትተኛው የትኛው ሰዓት ላይ እንደሆነ ጠየቀችው። ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደህና አለፉ። ሰውነቱ ከዚህ በፊት ያጠራቀመውን እየበላ ነበር፤ እሱ ግን ለመደው ብሎ ደስ አለው። ቀጥሎ እግሩ ከበደ። ከጓደኞቹ ጋር እያወራ ይሮጠው የነበረው ቀላል ሩጫ ትንፋሽ ያሳጥረው ጀመር። ከአልጋው ሳይወርድ የልብ ምቱን ሲቆጥር፣ ሁልጊዜ ዝግ ይል የነበረው ምት ዳገት እንደወጣ ሰው ይሮጣል። ጉንፋን ይዞት ሳይለቀው ሌላ ጉንፋን ያዘው። አውቶቡስ ውስጥ እንቅልፍ ይጥለውና መውረጃውን ያልፋል። የሚበላው አያጠግበውም፤ በትንሹም በትልቁም ይነጫነጫል። ፍጥነቱ ሲወርድ ልምምዱን ጨመረ። በጨመረ ቁጥር ይብስ ወረደ።

አሠልጣኟ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ቁጥብ ሴት ናቸው፤ ሯጮቹ እትዬ ይሏቸዋል። አንድ ጠዋት ሽቦ ፈጣን ዙሮቹን ሳይጨርስ ሜዳው ዳር ተቀመጠ። እትዬ መጥተው አጠገቡ ቁጭ አሉ። ከሥራ በቀጥታ እንደሚመጣ ጠይቀው ያወቁት የዚያን ዕለት ነው፤ እስከዚያ ድረስ ተኝቶ የሚመጣ ነበር የመሰላቸው።

«ስማኝ» አሉት። «ሜዳ ላይ የምናደርገው ማፍረስ ነው። የሚገነባው ስትተኛ ነው። አንተ በየቀኑ አፍርሰህ አፍርሰህ ግንበኛውን በር ላይ ትመልሰዋለህ።»

«አውቃለሁ፣ እትዬ።»

እውነቱን ነው፤ ያውቃል። ነርስ አይደል? በጥልቅ እንቅልፍ ጊዜ ሰውነት ጡንቻን እንደሚጠግን፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ያው ፍጥነት እንኳ ከበፊቱ የበለጠ እንደሚከብደው፣ በሽታ የመከላከል አቅሙም እንደሚዳከም ለስንት በሽተኛ ተናግሯል። ማወቁ ግን አላስተኛውም።

እትዬ ልምምዱን በግማሽ ቀነሱለት። ሌሊት ሠርቶ ባደረበት ጠዋት ፈጣን ሩጫ የሚባል ነገር ቀረ። ቀድሞ ይተኛል፤ ከሰዓት ሲነሳ፣ ደህና ከተኛ ብቻ፣ አጭርና ቀስ ያለ ሩጫ ይሮጣል። ከባዱ ልምምድ ዕረፍት ወጥቶ ሁለት ሌሊት በተከታታይ ከተኛ በኋላ ይሁን አሉ። ያለህን አቅም ለማቆየት ትንሽ ይበቃል፤ አሁን የምንፈልገው መጨመር ሳይሆን አለማጣት ነው አሉት። ቡና በተረኝነቱ መጀመሪያ አካባቢ ብቻ፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ከጠጣ ጠዋት አልጋው ላይ ያፈጣል። ወደ ቤት ሲመለስ ጥቁር መነጽር ያድርግ፤ የጠዋት ብርሃን አእምሮን ነጋ ይለዋልና። መኝታ ክፍሉ ይጨልም፣ ይቀዝቅዝ። ተረኝነት ከመግባቱ በፊት ትንሽ ያሸልብ። አንድ ላይ መተኛት ካልቻለ ለሁለት ከፍሎ ይተኛ፤ ግን አንደኛው ክፍል በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ይሁን።

በመጨረሻ ስለ ልጅቷ ጠየቁት። ዕረፍት በሚሆንበት ሌሊት፣ ሚስቱ ጡቷን አልባ ታስቀምጥና ግማሹን ሌሊት እሱ ይንቃ፤ እሷም ሳይቆራረጥ የምትተኛው እንቅልፍ ያስፈልጋታል አሉት። ከሩጫና ከእንቅልፍ አንዱን መምረጥ ካለብህ ሁልጊዜ እንቅልፍን ምረጥ አሉ። ከመነሳታቸው በፊት ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እንቅልፍ እየመጣብህ ልጅቷን ይዘህ ሶፋ ላይ እንዳትቀመጥ። አልጋዋ ላይ አስተኛት፤ ብታለቅስም ታልቅስ።»

ሽቦ ይህንንም ያውቅ ነበር። ለእናቶች ራሱ የሚናገረው ነው።

ሽቦ የተባለውን ለማድረግ ከልቡ ጣረ። መስኮቱን በወፍራም ጥቁር ጨርቅ ሸፈነው። ግድግዳው ጀርባ ብየዳ ቤት አለ፤ ሄዶ ባለቤቱን ለመነው። በያጁ ቀልደኛ ሰው ነው፤ ሽቦ ማስተኛት በሙያዬ የመጀመሪያዬ ነው አለና፣ የብረት መቁረጡን ሥራ ወደ ከሰዓት አዞረለት። ቃሉንም ጠበቀ። ግን ከመኪና የሚራገፍ ብረት ሲኖር ምን ያድርግ? ብረቱ ሲወድቅ ሽቦ ከአልጋው ዘሎ ይቀመጣል። ብረት በሌለ ቀን ልጅቷ ታለቅሳለች። ሚስቱ ድምፅ እንዳይሰማው ይዛት ጓሮ ትወጣለች፤ እሱ ደግሞ ጓሮ መውጣቷን እያሰበ ጣሪያው ላይ ያፈጣል። ዝም ባለ ቀን እንኳ እንቅልፉ ሦስት ሰዓት ያህል ይሄድና፣ አንድ ሰው እንደቀሰቀሰው ሁሉ ይበንናል። ሰውነቱ ውጭ ቀን መሆኑን ያውቃል፤ በጨርቅ አልታለል አለ።

ሁለት ሳምንት ታገሰ። ክለቡ ሦስቱን ሯጮች የሚመርጥበት ውድድር እየቀረበ ሲሄድ ግን አላስቻለውም። አንድ ጠዋት ከሥራ ሲወጣ፣ ለእትዬም ለሚስቱም ሳይናገር፣ ረጅሙን ሩጫ ሮጠ። ዛሬን ብቻ አለ። በጣም ጥሩ ሮጠ፤ ወራት ሙሉ እንዲያ ሮጦ አያውቅም። ቤት ሲደርስ ደስታው ፊቱ ላይ ያስታውቃል።

ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችው። ልጅቷ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛችም፤ እሷም አልተኛችም። ዓይኗ ቀልቷል፤ ጸጉሯ ከትናንት ወዲያ ማበጠሪያ አልነካውም። ልጅቷን አቀበለችው።

«አንድ ሰዓት ብቻ ያዝልኝ» አለችው። «አንድ ሰዓት ብቻ ልተኛ።»

ምን ይበላት? ሮጬ ነው የመጣሁት፣ ደክሞኛል ይበላት? እሺ አለ። እሷ ጓዳ ገብታ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ እንቅልፍ ወሰዳት። እሱ ልጁን ታቅፎ ሳሎን ውስጥ ወዲያ ወዲህ አለ። አልጋዋ ላይ ሊያስተኛት ሞከረ፤ አለቀሰች። እናቷን እንዳትቀሰቅስ ብሎ መልሶ አነሳት። እግሩ ይንቀጠቀጥ ነበር። ለአፍታ ብሎ ሶፋው ላይ ተቀመጠ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አያውቅም።

ሚስቱን የቀሰቀሳት ጡቷ ነው። አግቶ ወጥሮ አመማት፤ ቤቱ ደግሞ ጭር ብሏል። ደስ አላት፤ ልጅቷ ተኝታለች ብላ ነው። ወደ ሳሎን ስትወጣ ሽቦ አንገቱ ወደ ኋላ ወድቆ ያንኮራፋል። ክንዱ ላይ ልጅ የለችም። ልጅቷ በእሱ ጎንና በሶፋው ትራስ መሃል ተንሸራታ፣ ፊቷ ጨርቁ ውስጥ ተቀብሯል። እናቷ በአንድ እግሯ ጎትታ አወጣቻት። ከንፈሯ ጠቁሯል። ሰውነቷ እንደ እርጥብ ፎጣ ተዝለፈለፈ።

ሽቦ የነቃው በሚስቱ ጩኸት ነው። ስንት ሕፃን ያተረፈ እጁ ዝም ብሎ ተንጠለጠለ። ሚስቱ የልጅቷን ጀርባ ስታሽ፣ ስሟን ስትጠራ፣ መዳፏን ስትመታ እሱ ቆሞ ያያል። ከዚያ ልጅቷ አንድ ጊዜ ሳል መሳይ ድምፅ አወጣች። አለቀሰችም።

በያጁ በመኪናው ሆስፒታል አደረሳቸው። የገቡት ያንኑ ጠዋት ሽቦ ከሥራ የወጣበት የድንገተኛ ክፍል ነው። ባልደረቦቹ የልጅቷን ኦክስጅን ለኩ፤ ደህና ነው። ሐኪሟ ደረቷን አዳመጠች፤ ደህና ነው። ለጥንቃቄ እስከ ማግስቱ ትቆይ ተባለ። ሽቦ ሌላ ጊዜ የበሽተኛ ቤተሰቦችን በሚያስቀምጥበት ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሐኪሟ ምን እንደተፈጠረ ስትጠይቅ ሚስቱ መልስ እንዲሰጥ ጠበቀችው። ሁሉንም ተናገረ፤ ሩጫውንም ጭምር። ሚስቱ ረጅሙን ሩጫ የሰማችው ያኔ ነው። ፊቷን ወደ ልጇ አዞረች።

በማግስቱ እትዬ ጋር ሄዶ ከምርጫው እንደወጣ ነገራቸው። እትዬ አላባበሉትም፤ ደግ አደረግህ አሉት። ሩጫውን ግን ጨርሰህ አትተው፤ ከተኛህ በኋላ ጥቂት ቀስ ያለ ሩጫ ለራስህ ይሁንህ፤ ልጅ ታድጋለች፣ ተረኝነትም ይቀየራል አሉ። ከዚያ ወደ ዋና ነርሷ ሄዶ ወደ ቀን ተረኝነት እንዲመልሱት ለመነ። ዋና ነርሷ አዘኑለት። ክፍሉ ባዶ እንደሆነ፣ አዲስ ሰው እስኪቀጠር ድረስ ማንንም ማዘዋወር እንደማይችሉ ነገሩት። ያደረጉለት አንድ ነገር ቢኖር ተከታታይ ሌሊቶቹን ማሳጠር ነው። እሱም ቢሆን ትንሽ አልነበረም።

ሚስቱ እህቷን አስመጣች። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ልጅቷን የምትይዘው አክስቷ ናት። ሽቦና ሚስቱ በጨለመው ክፍል ውስጥ አንድ አልጋ ላይ ይተኛሉ፤ ብዙም አይነጋገሩም። አንድ ቀን ብቻ፣ በጨለማው ውስጥ፣ ይቅር በይኝ አላት።

«አልተቀየምኩህም» አለችው። «ግን ስትይዛት ባየሁ ቁጥር እንቅልፌ ይጠፋል። ምን ላድርግ?»



መምረጫው ውድድር በአንድ እሁድ ጠዋት ተካሄደ። ሽቦ ከሥራ ወጥቶ ጥቁር መነጽሩን አድርጎ ቀጥታ ወደ ቤቱ ገባ። ሦስተኛ የወጣው ሁልጊዜ ከኋላው ይገባ የነበረ ልጅ መሆኑን በስልክ መልእክት አነበበ፤ እንኳን ደስ አለህ ብሎ ጻፈለትና ስልኩን አጠፋው። ሚስቱ ተኝታለች። ልጅቷ ወዲያኛው ክፍል አክስቷ ጋር ተኝታለች። ብየዳ ቤቱ ዝግ ነው። ክፍሉ ጨለማ፣ ቀዝቃዛ፣ ጸጥ ያለ ነው፤ ከዚህ በላይ የሚመቻች ነገር የለም። ሽቦ በጀርባው ተንጋሎ የሚስቱን ትንፋሽ እያዳመጠ እንቅልፍን ጠበቀ። ቀኑ እስኪጋመስ ድረስ አልመጣም።