ክትትል ላይ ናቸው

ጧት ሁለት ሰዓት ሲሆን ስንቅነሽ የሆስፒታሉን ጽሕፈት ክፍል ከፈተች፤ የጽሕፈት መኪናዋን አቧራ ጠረገች፤ የደባርቅ ብርድ ያደነዘዛቸውን ጣቶቿን በትንፋሿ አሟሟቀች። ከዚያ ዶክተር ያርጋል ማታ የተዋቸውን ቁራጭ ወረቀቶች አነሣች። አንደኛው የማህደር ነበር። ማህደር ዳባት የምታስተምር አብሮ አደጓ ናት፤ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ሐብታሙን ልታገባ ቀን ተቆርጧል።

ዶክተሩ የጻፈው ይኸው ነው፦ የኩላሊት ኢንፌክሽን፣ ዐሥር ቀን ዕረፍት፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ትታይ።

«መሥሪያ ቤት የሚያስፈልገው ቀኑ ነው እንጂ በሽታው አይደለም» ይላት ነበር። ስለዚህ የኩላሊቱን ነገር ተወችው። መምህርቷ ታመው መመርመራቸውን፣ ከመጋቢት 3 እስከ 12 ቀን 1999 ዓ.ም. ሥራ መሥራት እንደማይችሉ ጻፈች። የቀጠሮው ነገር ግን ረዘመባትና «በሆስፒታሉ ክትትል ላይ ናቸው» ብላ ዘጋችው። ዶክተሩ በሽተኛ እያየ ፈረመ። ማኅተሙን እሷ መታች።

በዚያ ዘመን ክትትል ላይ ነው የሚባለው የኤች አይ ቪ መድኃኒት በየወሩ የሚወስድ ሰው ነበር።

በቀጠሮዋ ቀን ማህደር መጣች፤ አልተቀመጠችም።

«ስንቄ፣ አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

«እኔ ነኝ። ምነው?»

«ርዕሰ መምህሩ ለጸሐፊዋ አነበበላት፤ እሷ ለቀረው። አከራዬ የሺወርቅ የብቻዬ ብርጭቆ ገዛችልኝ። አየሽ ክብሬን?»

ስንቅነሽ ቀሪውን ቅጂ አውጥታ አየች። ቃሉ እዚያው ነው። እያለከለከች ዶክተሩ ዘንድ ወሰደቻት።

«ዛሬውኑ ይታረማል» አለ ዶክተሩ። «ከፈቀድሽ የበሽታውን ስም እንጨምራለን። ሳትፈቅጂ ግን አይሆንም።»

«ኩላሊት ብትሉስ፣ ዶክተር? መሸፈኛ ነው ይላሉ። ደግሞስ ለዚያ ሰውዬ ስለ ሽንቴ ላስረዳው ነው?»

ቃሉ ብቻ ታረመ። ርዕሰ መምህሩ አዲሱን ወረቀት ተቀብሎ ከአሮጌው ጋር አሰረው፤ አሮጌውን አላወጣም።

ከሐብታሙ ቤት ደግሞ፣ ትመርመርና ውጤቷን እንይ የሚል መልእክት መጣ። ማህደር ተመረመረች፤ ነፃ ናት። ወረቀቱን ግን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«አሳዪያቸው እንጂ» አለቻት ስንቅነሽ። «በእኔ ስሕተት ትዳርሽ ይፍረስ?»

«በአንቺ ስሕተት ሐብታሙን አወቅሁት። ወረቀት አይቶ የሚያገባኝን ምን ላድርገው?»

«እኔንስ ይቅር ትዪኛለሽ?»

«ክፉ አላሰብሽም» አለች ማህደር፤ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች።

ዳግማይ ትንሣኤ አለፈ፤ ሠርግ አልነበረም። በክረምቱ ማህደር ዝውውር ጠይቃ ሩቅ ወደሆነው በየዳ ወረዳ ገባች። ዳባት ሳለች ቅዳሜ ቅዳሜ ደባርቅ ገበያ ስትወጣ ስንቅነሽ ቤት ታድር ነበር። አሁን አትመጣም።