በየቀኑ የሚሞላለት ቁጥር

ድርጅታችን በየሰፈሩ ባሉት ሱቆቹ የሞባይል ካርድ ይሞላል። የእኔ ሥራ ኮምፒውተር ላይ ተጥዶ ደንበኛ መለየት ነው፤ እያንዳንዱ ቁጥር ባለፉት ሠላሳ ቀናት ስንት ጊዜ እንደተሞላ አይቼ የየቀን፣ የየሳምንት፣ የወር እያልኩ እመድባለሁ። አለቃዬን በሌለበት «ጥድፊያ» እንለዋለን።

«የየቀኑ ሰው ቦነስ ባንሰጠውም ይሞላል» አለኝ ጥድፊያ፣ ቆሞ እየተወዛወዘ። «ቦነሱን መራቅ ለጀመሩት ላኪ። ለየቀኖቹ ምስጋና ይበቃቸዋል። ቶሎ በይ!»

ቶሎ አልኩ። «በየቀኑ ስላልረሱን እናመሰግናለን» ብዬ ጻፍኩና ላኩት። ዝርዝሩን ያየሁት ከላኩ በኋላ ነው፤ የእኔ ነገር ሁሌም እንዲህ ነው። አናቱ ላይ ሠላሳ ቀን፣ ሠላሳ ጊዜ የተሞላ ቁጥር ተቀምጧል። በቃሌ የማውቀው የወንድሜ ቁጥር ነው። ወንድሜ ከሞተ ሰባት ወሩ።

ክው ብዬ ቀረሁ። በየቀኑ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ያው ሱቅ፣ ያው አምስት ብር። ስህተቴ የገባኝ ቆይቶ ነው። የቆጠርኩት የሚሞላለትን እንጂ የሚሞላውን ሰው አልነበረም፤ በጥሬ ገንዘብ የሚገዛ ሰው የራሱን ቁጥር አይተውልንም። እንግዲህ ለሞተ ሰው ካርድ የሚሞላ አለ ማለት ነው። ይሄኛው ይበልጥ አስፈራኝ፤ ምክንያቱም ሱቁ ያለው አባቴ ቤት ጥግ ነው።

ከቀብሩ ወዲህ እዚያ ሰፈር አልረገጥኩም፤ አባዬንም አልደወልኩለትም። ወንድሜ በሞተበት ቀን «እባክዎ ይደውሉልኝ» የሚለውን ነፃ መልእክት ለአባዬ ሦስት ጊዜ ልኮለት ነበር። ተኮራርፈው ስለነበሩ አባዬ አልደወለም። መልእክቶቹን አባዬ ስልክ ላይ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ይቅር አላልኩትም።

በማግስቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሱቁ በር ደረስኩ። አባዬ ከስቷል። የወንድሜን ስልክ በሁለት እጁ ይዟል።

«መጣሽ?» አለኝ፣ ትናንት እንደተለያየን ሁሉ። «እስቲ አንብቢልኝ፣ መነጽሬን ትቼ መጣሁ። ትናንት ነው የገባው።»

አነበብኩለት። «በየቀኑ ስላልረሱን እናመሰግናለን።» የራሴ ድምፅ ከሌላ ሰው አፍ የሚወጣ መሰለኝ። ባለሱቋ አቀርቅራ የተደረደረውን ትደረድራለች።

«ለምንድነው የምትሞላለት፣ አባዬ?»

«ያን ቀን ካርድ አልቆበት ነበር እኮ። ቢኖረው እኔን ትቶ ሌላ ሰው ይጠራ ነበር።» ስልኩን መልሶ ተቀበለኝ። «ማነው የላከው?»

ዝም ብል በቀሪ ዕድሜው ወንድሜ ነው የላከው ብሎ ሊያምን ይችል ነበር። ግን መዋሸት አቃተኝ።

«እኔ ነኝ፣ አባዬ። መሥሪያ ቤት ሆኜ የላክሁት እኔ ነኝ።»

ስልኩን ኪሱ ከተተው።

«አንቺም ሰባት ወር ሙሉ ካርድ አልቆብሽ ነበር?» አለ። መልሴን ሳይጠብቅ ወደ ባለሱቋ ዞሮ የእኔን ቁጥር በቃሉ ይነግራት ጀመር።