የተገለበጠው የባልዲ እጀታ

በአጥንት ሕክምና ክፍሉ ውስጥ እናቱ ባወጣችለት ስም የሚጠራ ሰው የለም። ዋናው ሐኪም «ጋሼ መቀስ» ናቸው፤ ከኋላቸው እንጂ ፊት ለፊትማ ማን ደፍሮ። ጉልበት ውስጥ የተቀደደ ነገር ካዩ ከርክመው ለማውጣት እጃቸው ፈጣን ነው። የሦስተኛ ዓመት ሰልጣኟ ሐኪም ደግሞ «መርፌ» ትባላለች። እሷ የተቀደደ ካየች ካልሰፋሁ ሞቼ እገኛለሁ ባይ ናት። ስሙን ያወጡላት የቀዶ ክፍል ነርሶች ሲሆኑ፣ እሷም እያኮረፈች በልቧ ወዳዋለች።

ታዲያ ይቺው መርፌ ናት አንድ ሰኞ ቀን ነገር ያበላሸችው።

ድንገተኛ ክፍሉ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ሳለ አንዲት ዳንሰኛ በአክስቷ ትከሻ ተደግፋ እያነከሰች ገባች። ገና ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ልምምድ ላይ ቁጢጥ ካለችበት ዞር ብላ ስትነሳ ጉልበቷ ቀጭ ብሎ እንደታጠፈ ቀረ፤ ከዚያ ወዲህ ቀጥ በል ቢሉት ወይ ፍንክች። ሁለት ሳምንት ሙሉ ዘይት እየቀባች «ዛሬ ይለቀኛል፣ ነገ ይለቀኛል» ስትል ከርማለች። ደብቃውም ነበር። ቡድኗ በስድስት ሳምንት ውስጥ ከአገር አገር ሊዞር ይነሳል፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ከኋላ መስመር ስትጨፍር የኖረችው ልጅ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ መሪዋ ዳንሰኛ እንድትሆን ተመርጣለች። ጉልበቷ እንደተያዘ የሰማ ሰው ቦታዬን ለሌላ ይሰጥብኛል ብላ ፈርታ ነው።

መርፌ ጣቷን በጉልበቱ መገጣጠሚያ ውስጠኛ ጎን ላይ ስታስኬድ ዳንሰኛዋ አልጋው ላይ ዘለለች። ሕመሙ እዚያው መስመሩ ላይ ነው። እግሯን ቀስ አድርጋ ለመዘርጋት ስትሞክር መጨረሻው ላይ አንድ ነገር መንገድ ዘግቶ እንደ ጎማ መልሶ ይገፋታል። ማክመሬይ የሚሉት ምርመራ አለ፤ ጉልበቱን እስከ መጨረሻ አጥፎ፣ እግሩን ወደ ውጭ ወይም ወደ ውስጥ አዙሮ፣ እየዘረጉ የሚንቋቋ ነገር መዳመጥ ነው። ነገር ግን ሊታጠፍም ሊዘረጋም ያልፈለገን ጉልበት በዚያ ማሰቃየት ግፍ ስለሆነ ተወችው። የተቆለፈ ጉልበት ራሱ ከበቂ በላይ ተናግሯል።

እስከዚህ ድረስ ጎበዝ! ጥፋቱ ከዚህ በኋላ ነው። ከጉልበት ሎሚዋ በታች፣ ግራና ቀኝ፣ ሁለት ትንንሽ ክብ ጠባሳዎች አየች። በካሜራ ቀዶ ሕክምና ሲሠራ መሣሪያው የሚገባው ልክ እዚያ ነው። ሌሎች አሥር ሰዎች ይጣሩ ስለነበር ልጅቱን ሳትጠይቅ ለኤምአርአይ አንባቢው ሐኪም ደወለችና «ቀድሞ በካሜራ ገብተው ቆርጠውላታል፣ ጠባሳው አለ» አለችው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

በማግስቱ የጠዋቱ ስብሰባ ላይ የኤምአርአዩ ውጤት ተነበበ። የውስጠኛው ሜኒስከስ፣ ማለትም በጭንና በቅልጥም አጥንት መካከል ተጋድሞ የሚኖረው የጨረቃ ቅርጽ ያለው ትራስ፣ ትንሽ ሆኖ ይታያል፤ ቀድሞ በከፊል ከመቆረጡ ጋር የሚስማማ ነው ይላል። ጋሼ መቀስ ራሳቸውን ነቀነቁ። የቀረውን ቁራጭ ከርክመው ቢያወጡላት ጉልበቷ ይፈታል፣ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ውስጥም ትጨፍራለች አሉ። ለሐሙስ ቀን ተቆረጠ። መርፌም ይሰፋ ብላ አልተከራከረችም፤ የሌለ ነገር አይሰፋም።

ከሰዓት በኋላ ልታስፈርም ስትሄድ ዳንሰኛዋ ትጨፍሪያለሽ መባሏን ሰምታ ደስታዋን መቻል አቅቷት አገኘቻት። አክስትየዋ ግን ሌላ ጉዳይ አላት። ከቦርሳዋ የራሷን የጉልበት ምስል መዥረጥ አድርጋ አወጣች።

«እሷን ስትሠሯት እግረ መንገዳችሁን እኔንም አንድ በሉኝ እንጂ፣ ልጄ» አለች።

መርፌ ሳቀች። ሴትዮዋ ስልሳ ሊሞላት ምንም አልቀራት። እጆቿን ይዛ በአንድ እግሯ አቆመቻት፣ ጉልበቷን ትንሽ እጥፍ አስደርጋ ሰውነቷን ወዲያና ወዲህ እንድታዞር አዘዘቻት። የተቀደደ ሜኒስከስ ካለ እንዲህ ሲዞሩበት መስመሩ ላይ ይጠቀጥቃል። አክስትየዋ ትንሽ አመማት፤ ግን ጉልበቷ ተቆልፎ አያውቅም፣ ሙሉ በሙሉ ይዘረጋል። ጤነኛ ሜኒስከስ በምስሉ ላይ ጥቁር ሦስት ማዕዘን ነው። መሐሉ ላይ ብቻ የቀረ ነጣ ያለ ነገር ቅዳጅ አይባልም፤ ነጩ መስመር እስከ ገጹ ሲደርስ፣ ያውም በተከታታይ ምስሎች ላይ ሲታይ ነው ተቀደደ የሚባለው። የአክስትየዋ ደርሷል፤ ግን እንደ ተሰነጠቀ ጣውላ አግድም ነው፣ የአጥንቱም ልባስ ሳስቷል። ይህ የዕድሜ ቅዳጅ ነው፣ ቢሰፋ አይይዝም፣ ቢቆረጥም ከስፖርት የተሻለ አይጠቅምም። መርፌ የጭኗን ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ አዘዘችላት።

«ሕመሙን የደበቀው እየተቆረጠ፣ የለመነው ወንበር ላይ ቁጭ ብድግ ይበል?» አለች አክስትየዋ ቅር ብሏት።

መርፌ ወደ ዳንሰኛዋ ዞራ፣ ለወጉ ያህል፣ የፊተኛው ቀዶ ሕክምና የት እንደተደረገላት ጠየቀች።

«የቱ ቀዶ ሕክምና?» አለች ዳንሰኛዋ።

«ይሄ ጠባሳ።»

አክስትና የእህት ልጅ ተያዩና በሳቅ ፍርስ አሉ። የጎረቤት ውሻ ነው! በሰባት ዓመቷ አጥር ስትዘል ጉልበቷን ይዞ አስቀርቷት፣ የክራንቻዎቹ ምልክት ነው። መርፌ አብራ ልትስቅ አፏን ከፈተችና ሳቁ እዚያው ደረቀ። ካልተቆረጠ፣ የጎደለው ሜኒስከስ የት ገባ?

ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወደ ምስል ማያው ክፍል ወረደች። ጉልበቱን ከጎን የሚያሳዩትን ምስሎች አንድ በአንድ አገላበጠች። ጤነኛ ሜኒስከስ ዳርቻው ላይ ሲቆረጥ በሁለት ተከታታይ ምስሎች ላይ የቢራቢሮ ክራባት መስሎ ይታያል። የዳንሰኛዋ ክራባት የለም። ወደ መሐል ሄደች። በመገጣጠሚያው መሐል የሚያልፈው የኋለኛው ተሻጋሪ ጅማት ጥቁር ሆኖ ጎብጦ ይታያል፤ ከሥሩ ደግሞ ሊኖር የማይገባው ሌላ ጥቁር መስመር ትይዩ ተጋድሟል፣ አንድ ጅማት ሁለት የሆነ ይመስል። ይኸውልህ የጠፋው! ሜኒስከሱ ዙሪያውን ተከትሎ በቁመቱ ተቀዶ፣ የውስጠኛው ጠርዙ እንደ ባልዲ እጀታ ተገልብጦ መሐል ጉልበት ገብቶ ተቀርቅሯል። በሩን የዘጋው እሱ ነው። ቅዳጁ ደግሞ ያለው በውጭው ጠርዝ በኩል ይመስላል፣ ደም ስር በሚደርስበት፣ ስፌት በሚይዝበት።

ሊጥሉት የነበረው ትራፊ ሳይሆን የልጅቱ ትራስ ሲሶ ነበር። መርፌ አፈረች።

ጋሼ መቀስ ቢሮ ሄዳ ስለ ስልኩም፣ ስለ ውሻውም አንድ ሳታስቀር ተናገረች። እሳቸው ምስሉን ሁለት ጊዜ አገላብጠው አዩ።

«እኔም እኮ ሳልጠይቅ ፈረድኩ» አሉ። «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ። በይ ነይ፣ ለባለጉልበቷ እንንገራት። ግን እንዳትገፊያት፣ ጉልበቱ የሷ ነው።»

መርፌ ነገረቻት፣ ጥፋቷንም ጨምራ። ከተቆረጠ ከቡድኗ ጋር ትሄዳለች። ግን የሚወጣው ትልቅ ቁራጭ ስለሆነ አጥንቱ በአጥንት ላይ እየከበደ ይመጣና ከዓመታት በኋላ ጉልበቱ ያልቃል፤ ለዳንሰኛ ደግሞ ቀደም ብሎ። ከተሰፋ ትራሱ ይተርፋል። ግን ስድስት ሳምንት በክራንችና በድጋፍ፣ ቁጢጥ ማለት ለወራት ክልክል፣ መድረክ ከስድስት ወር በፊት የለም። ደግሞም ዋስትና የለውም፤ ከአምስት ሰው አንዱን ያህል ስፌቱ ይከዳዋል። ወጣት መሆኗ፣ ቅዳጁ ገና ትኩስ መሆኑ፣ ተሻጋሪ ጅማቶቿም ጤነኛ መሆናቸው ለመስፋት ያደላል። የመጨረሻው ቃል ግን በካሜራ ገብተው ሲያዩት ነው።

ዳንሰኛዋ ፊቷ ተለዋወጠ።

«ጠዋት ትጨፍሪያለሽ አላላችሁኝም?»

«ብለንሻል» አለች መርፌ። «ተሳስተን ነው።»

አክስትየዋ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ልትል ጀምራ፣ የልጅቱን ዓይን ስታይ ዋጠችው። ዳንሰኛዋ እስከ ሐሙስ ጠዋት መልስ አልሰጠችም። ምግብም አልበላች። መርፌ በዚያች ክፍል በር ባለፈች ቁጥር «አሰፊው፣ በእናትሽ» ማለት ምላሷ ላይ እየመጣባት፣ የጋሼን ቃል አስባ ምላሷን ነከሰች። 

ሐሙስ ጠዋት ዳንሰኛዋ ወረቀቱን ተቀብላ ጠየቀቻት።

«ሰፍታችሁ ቢከዳኝ ምን ይቀረኛል?»

«ያኔ እንቆርጠዋለን። የተቆረጠውን ግን መልሰን አንሰፋውም።»

ፈረመች። ስፌት የሚይዝ ከሆነ ይሰፋ አለች።

ቀዶ ክፍሉ ውስጥ ካሜራው ሲገባ እጀታው መሐል መንገድ ላይ ነጭ ሆኖ ተንጋሎ ታየ። ጋሼ መቀስ በመንኮሪያው፣ ጫፉ ቆልመም ባለው ቀጭን ዘንግ፣ ወደ ቦታው ገፉት፤ ሹልክ ብሎ ገባ። አልተቦጫጨቀም፣ አንድ ወጥ ነው። ዳርቻውን ፋቅ ፋቅ ሲያደርጉት ደም ፈለቀ። ነርሷ ከልማድ የመከርከሚያውን መሣሪያ አቀበለቻቸው። እሳቸው አልተቀበሏትም፤ ከቦታቸው ገለል ብለው ለመርፌ ቦታ ለቀቁላት።

«ክር» አሉ። «እሷ ትሰፋዋለች።»

መርፌ ሰፋችው። እያንዳንዷን ክር ስታጠብቅ ትንፋሿን ትይዝ ነበር፤ ሲያልቅ ጀርባዋ በላብ ርሷል። ጋሼ መቀስ ስፌቱን በመንኮሪያው ነካ ነካ አድርገው ምንም አላሉም፤ እሳቸው ዘንድ ከዚህ በላይ ሙገሳ የለም።

ማምሻውን ዳንሰኛዋ ነቅታ ብርድ ልብሱን ገለጠች። እግሯ በድጋፍ ታስሮ ቀጥ ብሏል። ከዚያች ከልምምዱ ቀን ወዲህ ቀጥ ሲል የመጀመሪያው ነው። መርፌ አጠገቧ ቆማ ስፌቱ ጥሩ መያዙን ነገረቻት። ዳንሰኛዋ ራሷን ነቅንቃ ስልኳን ከአክስቷ ተቀበለች፣ ለቡድኑ መሪም ደወለች። እንደማትሄድ ነገረችው። ሰውዬው ብዙ ተናገረ መሰለኝ፣ ስትሰማ ቆየች። በእሷ ቦታ ማን ይግባ ብሎ ሲጠይቃት፣ ከኋላ መስመር ከጎኗ የምትጨፍረውን ልጅ አለችው።

«እርምጃውን ሁሉ ታውቀዋለች» አለች፣ እንባዋ ጉንጯ ላይ እየወረደ። «ጫማዬንም ስጧት። ቁጥራችን አንድ ነው።»