ኡጋሊ የተባለው ገንፎ

ዝናቡ በመጋቢት ገባ፤ እስከ ግንቦት መጨረሻ አልወጣም። በዚያ ላይ ናይሮቢ ውስጥ የሁርሊንግሃም ሰፈርን መንገድ ለቧንቧ ቆፈሩት። ጭቃው የወይዘሮ የሺወርቅን ምግብ ቤት ደጃፍ ዘጋ። ደንበኛ ቀረ። ከአምስቱ አስተናጋጆች አራቱ ተሰናበቱ። ሥጋ በግማሽ ኪሎ ይገዛ ጀመር። አከራዩ እስከ ሰኔ መጨረሻ እንደሚታገሥ፣ ከዚያ በኋላ ግን ቤቱን ለጫማ ነጋዴ እንደሚሰጥ በደብዳቤ አስታወቀ።

የቀረው አስተናጋጅ ገብረመድህን ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እዚያ ቤት ሠርቷል። ብዙ አይናገርም፤ ቆሞ ያያል።

በሰኔ መጀመሪያ፣ ኪሌሌሽዋ ካለ ዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤት ዋምቡይ የምትባል ሴት መጣች። በየሐሙሱ ለሠላሳ ሠራተኛ ምሳ የሚያቀርብ ቤት ትፈልጋለች፤ ለዓመት። ይህ ከተገኘ ቤቱ ይተርፋል። ካልተገኘ ጫማ ነው።

ሁለት ባልደረቦቿን ይዛ ለሙከራ ተቀመጠች። ሜኑውን የጻፈችው የየሺወርቅ ልጅ ሐሊና ናት። ናይሮቢ ተወልዳ ያደገች፣ እንግሊዝኛውም ስዋሂሊውም እንደ ውሃ የሚፈስላት ልጅ። ሰው የማያውቀውን ስም ይፈራል ብላ፣ ለእያንዳንዱ ምግብ ቅርብ የመሰላትን ስም ሰጥታዋለች። ገንፎ፣ ኬንያውያን ከወጥ ጋር በሚበሉት የበቆሎ ገንፎ ስም፣ «የኢትዮጵያ ኡጋሊ» ሆነ። ሽሮ «የሽምብራ ሾርባ» ሆነ። ዱለት «ቅመም ያለው የተፈጨ ሥጋ» ተባለ።

አንደኛው ሰውዬ ኡጋሊ አዘዘ። ገንፎው መጣ፤ መሐሉ ላይ ጉድጓድ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ቅቤና በርበሬ። ሰውዬው ሳይነካው ጠበቀ። ሩብ ሰዓት ጠበቀ።

«ወጡስ?» አለ በመጨረሻ።

«ይኸው ነው» አለ ገብረመድህን።

ሁለተኛው ሾርባ አዝዞ ነበር። የሚንተከተክ ሽሮ በሸክላ፣ ከጎኑም እንጀራ ቀረበለት። ማንኪያ ጠይቆ አንዴ ጎረሰና ዕንባው መጣ። ዋምቡይ ግን ዱለቱን ወደደችው። ሳህኑን ልትጨርስ ስትል ቀና ብላ፣ «የምን ሥጋ ነው?» አለችው።

ገብረመድህን መዋሸት አይችልበትም። «ጨጓራ፣ ጉበትና ቀይ ሥጋ» አላት።

ሹካዋን አስቀመጠች። «ምግባችሁ ጥሩ ነው» አለች። «የጻፋችሁት ግን ሌላ ምግብ ነው። ወተት የማይስማማው፣ ስንዴ የማይበላ ሰው አለኝ፤ በዚህ ወረቀት ምን ብዬ ላምጣቸው? እስከ ረቡዕ በእንግሊዝኛና በስዋሂሊ አስተካክላችሁ ላኩልኝ። ካልሆነ ሌላ ቤት አለ።»

ማታውን እናትና ልጅ ተያያዙ። ሐሊና ስልኳን አወጣችና በያይነቱን አስተረጎመችው። ስልኩ «ልዩ ልዩ ዓይነት» አላት።

«ልዩ ልዩ ምን?» አለች የሺወርቅ። «ጨርቃ ጨርቅ ነው? ወዲህ በይው፤ እኔ ልንገርሽና ጻፊ።» ከዚያም ስለ ገንፎ መናገር ጀመረች። ከገብሱ አዘራር ተነሥታ፣ የአራስ ጥሪውን፣ የአክስቷን ምጥና ማማሰያውን ማን እንደ ጠረበው ሳይቀር አወረደችው። ሐሊና ሁለት ገጽ ሞላች።

«ማሚ፣ ይሄ ሜኑ ነው ወይስ ገድል? ሰው እኮ ይርበዋል!»

«ጋሽ ገብረመድህን፣ እርስዎ ይፍረዱን እንጂ!» አለች የሺወርቅ።

ገብረመድህን ጠረጴዛ እየወለወለ ነበር። ጨርቁን አጠፈ። «ነገ ጠዋት ገንፎና ዱለት አዘጋጂልኝ» አለ። «ልጅቱ ከእኔ ጋር ኢስትሊ ትሄዳለች። የዱለቱን ሥጋ እኔ ማልጄ ከዚያው ገዝቼ አመጣለሁ።»

ኢስትሊ ሰፈር ውስጥ ማማ ዛራ የሚባሉ ሙስሊም የምግብ ቤት ባለቤት አሉ። ገብረመድህን ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ናይሮቢ ሲገባ ሥራ አልነበረውም፤ ስዋሂሊም አይሰማም። ማማ ዛራ አርባ ቀን አበሉት። ሳህን ሲያስቀምጡለት የምግቡን ስም ብቻ ነግረው አይሄዱም። በቆሎውን በጣታቸው ያሳዩታል፤ ባቄላውን ያሳዩታል፤ የሚያቃጥል ከሆነ አፋቸውን በእጃቸው ያራግባሉ። ሥራ ይዞ ሊከፍል ሲሄድ ገንዘቡን መለሱለት። «የአገርህን ምግብ አምጥተህ ታበላኛለህ» አሉት። «ምን እንደምበላ ግን ትነግረኛለህ፤ እኔ እንደ ነገርኩህ።»

ሄዶ አያውቅም። ስዋሂሊ ከለመደም በኋላ፣ ለገንፎ ቃል ቢፈልግ አጣ፤ ለዱለት ቢፈልግ አጣ። ዘንድሮ ለከርሞ ሲል ኀፍረቱ ከዕዳው በለጠ።

ምሳ ዕቃውን ይዞ ማታቱ ከሚሉት ሚኒባስ ሲወርድ፣ ማማ ዛራ ገና ከበራቸው ላይ አዩት።

«ሃያ ሁለት ዓመት!» ብለው ጮኹ። «ምግቡ ከአዲስ አበባ በእግሩ ነው የመጣው?»

«መንገዱ ጭቃ ነበር፣ ማማ» አለ ገብረመድህን።

ሐሊና ገንፎውን ከፈተች። «ኡጋሊ ይበሉት፣ ማማ፤ የእኛ ኡጋሊ…»

«ኡጋሊ የእኔ ነው» አሉ ማማ ዛራ። «ኡጋሊን ወጥ ሆዱ ውስጥ ቀብሬ አቅርቤ አላውቅም። የራሱ ስም የለውም?»

«ገንፎ።»

«ታዲያ ገንፎ በይው! ስሙን ተይለትና ጠባዩን ንገሪኝ። ከምን ተሠራ? እንዴት ተሠራ? ያቃጥላል? በምን ይበላል?»

ሐሊና መለሰች፤ ማማ ዛራ እየቀመሱ አረሙ። «ለስላሳ አትበይ፤ ጥርስ ይይዛል። ወጥ እንዳልጠብቅ ብቻውን ምግብ መሆኑን ጻፊ።» የዱለቱ ክዳን ሲነሣ ገብረመድህን ፈጠን ብሎ፣ «ሥጋው ከእርስዎው ሥጋ ቤት ነው፤ ሐላል ነው» አለ። ጨጓራና ጉበት መሆኑን፣ ሜኑው ግን «የተፈጨ ሥጋ» ብቻ እንደሚለው ሲሰሙ ማማ ዛራ ልጅቷን አፈጠጡባት።

«የሆድ ዕቃ፣ ማቱምቦ ነው እንዴ? እና ደበቅሽው? ይህ ከተማ ለማቱምቦ ይሰለፋል እኮ!»

ሳህኑ ባዶ ሆነ። ገብረመድህን ኮፍያውን አነሣ። «እንግዲህ ዕዳዬ…»

«የምን ዕዳ? ልጅቱ ነገረችኝ፤ አንተ አፍህን አልከፈትክም። ያሠራኸኝም እኔኑ ነው። አይቆጠርም።»

ማክሰኞ ሐሊና እናቷን በአራቱ ጥያቄዎች አስጨነቀቻት። እንጀራው ላይ ደረሱ።

«ከምን ተሠራ?»

«ከጤፍ።»

«ከጤፍ ብቻ?»

የሺወርቅ መስኮት መስኮቱን አየች። «ትንሽ ስንዴ ጣል ይደረግበታል።»

«ትንሽ ስንት?»

«ስንዴ አለው ብለሽ ጻፊ! ስንት የሚለውን ማን ጠየቀሽ?»

ረቡዕ ሜኑው ተላከ። የእያንዳንዱ ምግብ ስም እንደ ራሱ ነው፤ ከሥሩ ሁለት መስመር። «ገንፎ፦ የገብስ ዱቄት በፈላ ውሃ ተገንፍቶ፣ መሐሉ ላይ የቀለጠ ቅቤና በርበሬ። በማንኪያ ከዳር እየተቆረሰ፣ ቅቤው ውስጥ እየተነከረ ይበላል። ብቻውን ሙሉ ምግብ ነው። ያቃጥላል። ወተትና ገብስ አለበት።» የዱለቱ ስዋሂሊ በማቱምቦ ይጀምራል።

ሐሙስ ዋምቡይ ሠላሳ ሰው ይዛ መጣች። ያ ኡጋሊ አዝዞ የነበረው ሰውዬ ገንፎ አዘዘ፤ ወጥም አልጠየቀም። ስንዴ የማይበላው በእንጀራ ፈንታ ሩዝ አዘዘ። ዱለት በሃያ ደቂቃ አለቀ፤ ዋምቡይ ራሷ ሳይደርሳት ቀረ። ውሉን እየተነጫነጨች ፈረመች።

እሑድ ገብረመድህን ማማ ዛራን በታክሲ አመጣቸው። መሐለኛው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጣቸው። በያይነቱን ራሱ ተሸክሞ መጣ። ሐሊና ልትረዳው ብትጠጋ በእጁ መለሳት።

ከዚያም ጎንበስ ብሎ እየጠቆመ በስዋሂሊ ተናገረ። ይህ ምስር ነው፤ ያቃጥላል። ይህ ክክ ነው፤ አያቃጥልም። ይህ ጎመን ነው፤ በዘይት ነው፣ ቅቤ የለበትም። ሥሩ እንጀራ ነው፤ ጤፍ ነው፣ ስንዴም አለው። በቀኝ እጅ ቆርሰው ይጠቀልሉበታል። አንድም አላስቀረም። ላብ በላብ ሆነ።

ማማ ዛራ እስኪጨርስ ጠበቁት። ቆረሱ፣ ጠቀለሉ፣ ጎረሱ። ቀስ ብለው አላመጡ።

«ተከፈለ» አሉ። «ተቀመጥና አብረን እንብላ።»

ገብረመድህን ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሥራ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እዚያ ቤት ወንበር ስቦ ተቀመጠ።