የእህቴ ስምንት ዓመት

እህቴና እኔ የተቀጠርነው በአንድ ቀን ነው። እሷ አሥራ ዘጠኝ፣ እኔ አሥራ ስምንት ዓመታችን ነበር። ማተሚያ ቤቱ ለጥረዛ ክፍል ሰው ይፈልግ ስለነበር ወረቀት እጠፉ ተብለን ተፈተንን። እሷ ሃያ ሉክ ስታጥፍ እኔ ስድስት አጠፍኩ፣ ያውም ሁለቱ ጠማማ። አለቃው "አንቺ ነገ ግቢ" አላትና ለእኔ በእጁ በሩን አሳየኝ። "ያለ ወንድሜ አልገባም" አለችው ፊቷን ቅጭም አድርጋ። ሥራ ያገኘሁት እንግዲህ እንዲህ ነው።

በአንድ ዓመት ብቻ ብትበልጠኝም እትዬ ነው የምላት። ጥረዛ ክፍል ግን ስሟ "መርፌ" ነበር፤ ለእጇም ለአፏም።

ያ ጊዜ ዛሬም ይታየኛል። በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ አሥራ ሁለት ሴቶች፣ ጥግ ላይ የሚሞቅ ሙጫ፣ ቅንድባችን ላይ የወረቀት ብናኝ። አንዷ የሚታጠፈውን ልብ ወለድ ጮክ ብላ ታነባለች። እኛ ጠረጴዛ የሚደርሰው መካከሉ ብቻ ስለነበር ሰውየው መሞቱን እናውቃለን፣ ማን እንደገደለው ግን አናውቅም። በምሳ ሰዓት እትዬ ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ ትሮጥና ወሬውን ይዛ ትመለሳለች። አንዳንዴ እነሱም ስለማያውቁ ራሷ ፈጥራ ትነግረናለች። መጽሐፉ ታትሞ ሲወጣ መጨረሻው የእሷን ያህል አይጥመንም ነበር።

በስምንተኛው ዓመት እናታችን ወደቀች። ግማሽ አካሏ አልታዘዝ አለ። የሚያነሳት፣ የሚያገላብጣት፣ የሚያጎርሳት ሰው ያስፈልግ ነበር። ቁጭ ብለን መክረን ወሰንን ብል ደስ ባለኝ። አልመከርንም። ሰኞ ጠዋት እኔ ሸሚዜን ተኮስኩ፤ እትዬ የእናታችንን መታጠቢያ ውሃ ጣደች። በቃ፣ ነገሩ በዚያው አለቀ።

አሥራ አንድ ዓመት አስታመመች። እናታችንን ቀብረን ወደ ሥራ ስትመለስ ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነበር። ማተሚያ ቤቱ መልሶ ወሰዳት፣ ግን እንደ አዲስ ገቢ፣ በጀማሪ ደሞዝ። አለቃዋ ደግሞ ድሮ ክር ማስገባት ያስተማረቻት ልጅ ሆና ጠበቀቻት። እኔ በዚያን ጊዜ የማተሚያ ማሽን ኃላፊ ነበርኩ።

ባለፈው ወር እትዬ ሃምሳ አምስት ሞላት። በማተሚያ ቤታችን ደንብ ሴት በሃምሳ አምስት፣ ወንድ በስልሳ ነው ጡረታ የሚወጣው። እሷ አምስት ዓመት ልጨምር ብላ ብታመለክት አልተፈቀደላትም።

"እጄ አልደከመ፣ ዓይኔ አልደከመ" አለችኝ። "ምኔ ነው ያረጀው?"

የሚያሳስባት የቤት ኪራይዋ ነበር። አንዲት ክፍል ናት፤ ጡረታዋ ካልቻለላት ትለቃታለች። መውጫዋ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አብሬያት ወደ ጡረታ ክፍል ሄድኩ። ባለሙያዋ ወጣት ናት፣ ትሕትናዋ ለጉድ። የቅጥር ቁጥራችን ተከታታይ ስለሆነ የእኔንም ፋይል አብራ አወጣችው።

"አሥር ዓመት ላገለገለ ከመቶ ሠላሳ ይታሰባል" አለች። "ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ከሩብ ይጨመራል። የሚሰላው ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደሞዝ ላይ ነው። እናቴ፣ እርስዎ አሥራ ሰባት ዓመት ነው ያለዎት። ሠላሳ ዘጠኝ እንኳ አይሞላም።"

"እኔስ?" አልኩ። ምን አስቸኮለኝ?

"እርስዎማ ጋሼ፣ ስልሳ ሲሞላዎት አርባ ሁለት ዓመት ይሆንዎታል። ሰባ ነው፣ ጣሪያው። ደሞዝዎም ከፍ ያለ ነው።"

እትዬ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስተካክላ "የመጀመሪያዎቹ ስምንት ዓመታትስ?" አለች።

"እነሱ አይቆጠሩም። ሲለቁ የከፈሉት የጡረታ መዋጮ ተመላሽ ሆኖልዎታል። ግን ገንዘቡን ከነወለዱ ከመለሱ ይቆጠሩልዎታል። ያኔ ከመቶ ወደ አርባ ዘጠኝ ይጠጋል። ጡረታ ከመውጣትዎ በፊት መሆን አለበት።"

ይህን ብላ የተመላሽ ደረሰኙን ወደ እኛ አዞረችው። ተቀባይ የሚለው ላይ የተፈረመው ፊርማ የእኔ ነበር።

መጀመሪያ አላመንኩም። ከዚያ ቀስ ብሎ መጣልኝ። እትዬ እናታችንን ትታ መውጣት ስላልቻለች በውክልና የተቀበልኩላት እኔ ነኝ። ቀሪ ደሞዝሽ ነው ብዬ ፖስታውን ሳልከፍት ሰጠኋት። በሳምንቱ ለማሽን ሥልጠና የምከፍለው አጥቼ ስጨነቅ "እናታችን ካስቀመጠችው ነው" ብላ ገንዘብ አስያዘችኝ። ሥልጠናውን ጨረስኩ፣ እድገት አገኘሁ። እናታችን ምን ቁጠባ ኖሯት ያውቃል? ያን ጊዜ ልጠይቅ እችል ነበር። መጠየቁ ስላልጠቀመኝ አልጠየቅኩም።

"እትዬ፣ ያ ገንዘብ..." አልኩ።

"አዎ፣ እሱ ነው" አለች።

"እኔ እከፍለዋለሁ። ከነወለዱ።"

ይህን ስል እውነቱን ልናገር፣ ተው ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ አንተም ልጆች አሉህ ትለኛለች ብዬ ነበር። የምታውቁት ዓይነት እህት ናት። እኔም ትንሽ ተከራክሬ፣ አቅፌያት፣ ልቤ ቅልል ብሎኝ ልወጣ ነበር።

"ክፈል" አለች።

ባለሙያዋ ቀና ብላ አየቻት።

"ክፈል እንጂ። ሃያ ስምንት ዓመት እስክትጠይቀኝ ጠበቅሁ። በየዓመቱ መጨረሻ ዘንድሮስ ትዝ ይለው ይሆን እላለሁ።"

አፈርኩ። እንዲህ አፍሬ አላውቅም። እፍረቴን ለመሸፈን ይሁን ከልቤ፣ አሁንም አላውቀውም፣ ወደ ባለሙያዋ ዞርኩ። "አሥራ አንዱስ ዓመት? እናታችንን ያስታመመችበት? የእኔም እናት እኮ ናት። ከእኔ አርባ ሁለት ላይ ቀንሰሽ ለእሷ ጻፊላት።"

ልጅቷ ፈገግ አለች፤ ወዲያው ደግሞ ፈገግታዋ ጠፋ። "ጋሼ፣ የአገልግሎት ዘመን ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በዚያን ጊዜ ደሞዝ አልነበራቸውም፣ መዋጮም አልከፈሉም። እኛ ዘንድ ሥራ ላይ አልነበሩም።"

"ሥራ ላይ አልነበረችም?" ድምፄ ከፍ አለ። "ስንት ጊዜ ነበር በቀን የምታነሳት!"

"ልጅቷን ተዋት" አለች እትዬ። እጇን እጄ ላይ አደረገች፤ የጣቷ ጫፍ እስከ ዛሬ በመርፌ እንደጠነከረ ነው። "እሷ ምን ታድርግ። ደግሞ ያ ዓመት አልጠፋም።"

"የት አለ ታዲያ?"

"አንተ ዘንድ ነው። ጠዋት ጠዋት ሸሚዝህን ለብሰህ ስትወጣ እናታችንን ማን ይይዝልህ ነበር? ከአርባ ሁለቱ ውስጥ አሥራ አንዱ የእኔ ነው። ስልሳ ሲሞላህ ድርሻዬን በየወሩ ትቀበልልኛለህ።"

እየቀለደች መስሎኝ ዓይኗን አየሁት። አልሳቀችም።

ባለሙያዋ የክፍያውን ቅጽ አቀረበችልኝ። ከፋይ በሚለው ላይ ስሜን ጻፍኩና ፈረምኩ። ከዚያ ባዶ ወረቀት ለመንኳት።

"ለምንድን ነው ጋሼ?"

"የአሥራ አንዱን ዓመት ድርሻ እዚሁ ልጻፍላት፣ አንቺም እማኝ ሁኚ" አልኩ። "እንደገና ሃያ ስምንት ዓመት እንዳትጠብቀኝ።"

እትዬ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ሳበች። "ጻፍ" አለችኝ፣ "ስነግርህ ደግሞ እንዳትጣደፍ።"